ከዜሮ በታች የታመሙ ሰዎች

አንዲት የማስተርስ ተማሪ የቴሲሷን ረቂቅ ይዛ ቢሮዬ መጣች። በአንድ ወረዳ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረች፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን ዓይን እየገለጠች ስታይ ነው የከረመችው። የምትፈልገው በትራኮማ ብዛት ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን የሚወጋቸውን ሰዎች ነበር። ገጠር ያደገ ሰው በሽታውን በስሙ ባያውቀው እንኳ ወረንጦ ከኪሳቸው የማይለይ፣ በየጥቂት ቀኑ ልጅ ጠርተው ሽፋሽፍታቸውን የሚያስነቅሉ አዛውንት ያውቃል።

423 ሰው ለማየት አቅዳ 384ቱን አገኘች፤ የቀሩት ማሳ ላይ ነበሩ። ከ384ቱ ሦስቱ ላይ በሽታው ተገኘ። የውጤት ሠንጠረዧ ላይ ስርጭቱ 0.8 በመቶ ተብሎ ተጽፏል። አጠገቡ ባለው ቅንፍ ውስጥ ደግሞ እውነተኛው ቁጥር በ95 በመቶ መተማመን በየትና በየት መካከል እንደሚገኝ ሰፍሯል፦ ከ-0.1 እስከ 1.7።

«ይቺ ሰረዝ ምንድን ናት?» አልኳት።

«ማይነስ ናት፣ መምህር።»

«ማይነስ 0.1 በመቶ ታማሚ ማለት ምን ማለት ነው?»

ወረቀቱን ትንሽ አየችና ሳቀች። ከሺህ ሰው አንዱ ከጤነኛም በላይ ጤነኛ መሆኑ ነው እንግዲህ።

ስሌቱን ከእሷ ጋር ደግመን ሠራነው፤ አንድም የድምር ስህተት የለበትም። ፎርሙላውም መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ነው። የተገኘውን ድርሻ ትወስዳለህ፣ የስህተቱን ስፋት በ1.96 ታበዛለህ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እኩል ትዘረጋለህ። ጥፋቱ ከፎርሙላው በፊት ነው። ፎርሙላው የሚሠራው ናሙናው አንድ ፈተና ካለፈ ብቻ ነው፤ ፈተናውን ደግሞ ማንም አልፈተነላትም። እኔም አማካሪዋ ሆኜ ፕሮፖዛሉን ስፈርም አላየሁትም፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ ደግ አይሆንም።

ለመሆኑ 384 ከየት መጣ? በአገራችን የሕዝብ ጤና ቴሲሶችን ያገላበጠ ሰው ይህን ቁጥር እንደ ቀበሌ መታወቂያ ቁጥሩ ያውቀዋል። 1.96 በራሱ ተባዝቶ፣ ከዚያ በ0.5 እና በ0.5 ተባዝቶ፣ በ0.05 ካሬ ሲካፈል 384.16 ይመጣል። ለማይገኙና ለማይመልሱ ሰዎች አሥር በመቶ ሲታከልበት 422 ወይም 423 ይሆናል። ብዙ ተማሪዎች ቁጥሩን እንደ በቂነት ማረጋገጫ ያዩታል፤ 384 ከደረስክ ናሙናህ «ትልቅ» ነው። ቁጥሩ ግን ቃል የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምትፈልገው ነገር በሕዝቡ ውስጥ ግማሽ በግማሽ ከሆነ መልስህ ከእውነቱ ከአምስት ነጥብ በላይ ብዙም አይርቅም። መቶ ውስጥ አንድ ሰው ላይ የሚገኝ በሽታን ለሚቆጥር ሰው አምስት ነጥብ ወዲህና ወዲያ ምን ይጠቅመዋል?

ነገሩን ለማየት አንድ ምናባዊ ነገር እናድርግ። በዚያው ወረዳ መቶ ተማሪዎች ላክን እንበል፤ እያንዳንዳቸው በዕጣ የራሳቸውን 384 ሰው ያያሉ። መጀመሪያ የሚቆጥሩት በሽታ ሳይሆን ሴቶችን ይሁን፤ ሴቶቹም ግማሽ ናቸው እንበል። አንዱ 192 ያገኛል፣ ሌላው 185፣ ሌላዋ 201። የመቶዎቹን ቁጥሮች በወረቀት ላይ ብንደረድራቸው መሐሉ ከፍ ያለ፣ ሁለቱ ጎኖቹ እኩል የሚወርዱ የደወል ቅርጽ ይወጣል። ስታቲስቲክስ የሚያስተምሩ ሰዎች ኖርማል ስርጭት የሚሉት ይህንኑ ነው። ቁጥሮቹ ከ192 ወዲህና ወዲያ የሚዋዥቁበት የተለመደ ርቀት ወደ 10 ሰው ገደማ ነው፤ ይህን ርቀት «አንድ እርምጃ» እንበለው። 1.96 የሚባለው ቁጥር የመጣው ከዚህ ደወል ነው፤ ከመሐሉ ወዲህና ወዲያ 1.96 እርምጃ ስንሄድ ከመቶዎቹ 95ቱ ውስጡ ይገባሉ።

ይህን መጀመሪያ ያየው አብርሃም ደ ሟቭር ነው፤ በሃይማኖቱ ምክንያት ከፈረንሳይ ተሰዶ ለንደን የኖረ የሒሳብ ሰው። በ1733 ባሳተማት አጭር ጽሑፍ፣ ሳንቲም ብዙ ጊዜ ሲወረወር የሚወጣውን ውጤት አንድ በአንድ ከመቁጠር በደወሉ መተካት እንደሚቻል አሳየ። ያኔ በእጅ ለሚያሰላ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። የሳንቲም ነገር ግን ለደወል ምቹ ነው፤ ሁለቱም ጎኑ እኩል ነው። ላፕላስ በኋላ ነገሩን እኩል ላልሆኑ ዕድሎችም አሰፋው፤ እዚያ ላይ ነው «ናሙናው በቂ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚነክሰው።

አሁን መቶዎቹ ተማሪዎች በሽታውን ይቁጠሩ። የወረዳው እውነተኛ ቁጥር 1 በመቶ ነው እንበል፤ እኛ እናውቃለን፣ እነሱ አያውቁም። በአማካይ አንድ ተማሪ 384 ጊዜ 0.01፣ ማለትም 3.84 ታማሚ ያገኛል። በተጨባጭ ከመቶዎቹ ሁለቱ አንድም ታማሚ አያገኙም። ስምንቱ አንድ ታማሚ፣ አሥራ ስድስቱ ሁለት፣ ሃያው ሦስት፣ ሌሎች ሃያ ያህል አራት ያገኛሉ። ከዚያ ቁጥሩ እየቀነሰ ወደ ስምንትና ዘጠኝ ድረስ ቀጭን ጭራ እየጎተተ ይሄዳል። ይህን ብንስለው ደወል አይሆንም። በግራ በኩል ዜሮ ላይ ግድግዳ አለና ቅርጹ እዚያው ይቆረጣል፤ በቀኝ በኩል ይጎተታል።

አንድ እርምጃ እዚህ ላይ 1.95 ሰው ነው። ከ3.84 ተነስተን ወደ ግራ ሁለት እርምጃ ሙሉ ሳንሄድ ግድግዳው ይገጥመናል። ደወሉ ግን ግድግዳ አያውቅም፤ በስሌቱ ውስጥ ዜሮን ጥሶ ወደ ማይነስ ያልፋል። የተማሪዬ -0.1 የመጣው ከዚያ ነው። ሴቶችን በምንቆጥርበት ጊዜ ግድግዳው የነበረው ወደ ሃያ እርምጃ ገደማ ርቀት ላይ ነው፤ ስለዚህ ደወሉ ግድግዳ ማወቅ አለማወቁ ምንም አያመጣም። ናሙናው በሁለቱም ጊዜ 384 ነው። የተለየው ከናሙናው ውስጥ የምንፈልገው ነገር ምን ያህል እንደሚገኝ ነው።

ፈተናውም ከዚሁ ይወለዳል። የምትፈልገው ነገር ያላቸው ሰዎች ስንት ይጠበቃሉ? የሌላቸውስ? ሁለቱም ቢያንስ 10 መሆን አለባቸው። በምልክት ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

```
n × p ≥ 10
n × (1 − p) ≥ 10
```

እዚህ `n` የናሙናው መጠን ነው፣ `p` ደግሞ ድርሻው። ሁለተኛው መስመር የተጨመረው ግድግዳው በላይኛውም በኩል ስላለ ነው። ክትባት የወሰዱ ሕፃናት 99 በመቶ በሚሆኑበት ቦታ የሚያስቸግረው ያልተከተቡት ቁጥር ማነሱ ነው፤ ድርሻው ከመቶ በመቶ በላይ ሊወጣ አይችልም።

10 ለምን? ተማሪዎቼ ይህን አይጠይቁም፤ እኔ ግን እንዲጠይቁ እወዳለሁ፣ ምክንያቱም መልሱ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ብርቅ የሆነ ነገር ስንቆጥር አንድ እርምጃ ማለት የሚጠበቀው ቁጥር ስኩዌር ሩት ነው ማለት ይቻላል። የሚጠበቀው 4 ከሆነ እርምጃው 2 ነው፤ 9 ከሆነ 3 ነው። ደወሉ በሞላ ጎደል ሁሉንም ነገር ከመሐሉ ወዲህና ወዲያ በሦስት እርምጃ ውስጥ ይይዛል። ስለዚህ ሦስት እርምጃ ሙሉ ወደ ግራ ሄደን ግድግዳው ላይ ሳንጋጭ እንድንቆም የሚጠበቀው ቁጥር ቢያንስ 9 መሆን አለበት፤ ሦስት ጊዜ ሦስት። ይህ ወደ 10 ይጠጋጋል። አንዳንድ መጻሕፍት 5 የሚሉት በሁለት እርምጃ ስለሚረኩ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሁለት 4 ነውና ትንሽ ጨምረውበት። 15 የሚሉም አሉ። በቁጥሮቹ መካከል መጣላት አያስፈልግም፤ ሁሉም የሚለኩት ከግድግዳው ምን ያህል እንደራቅን ነው። እኔ ግን 5 አይጥመኝም።

የተማሪዬ ቁጥር 3 ነበር። በ5ም በ10ም ይወድቃል።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፤ `p` ን ከየት እናመጣለን? ሥራው ገና ፕሮፖዛል ላይ ከሆነ ቀደም ካለ ጥናት የምንገምተውን ድርሻ እናስገባለን። መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ክልል ለማውጣት ከሆነ ማባዛትም አያስፈልግም፤ የተገኙትን ታማሚዎችና ጤነኞች መቁጠር ነው፣ 3 እና 381። ከአንድ ከታወቀ ቁጥር ጋር ለማወዳደር ከሆነ ግን የሚገባው ያ ቁጥር ራሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ የዓይን ችግር ጠፍቷል ለማለት ካስቀመጣቸው መለኪያዎች አንዱ፣ ዕድሜያቸው 15ና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ለጤና ሥርዓቱ ገና ያልታወቁ ታማሚዎች ከ0.2 በመቶ በታች መሆናቸው ነው። ወረዳዬ እዚህ ደርሷል ወይ ብሎ በደወል ለመመርመር የሚነሳ ሰው 384ን በ0.002 ያባዛል፤ 0.77 ያገኛል፤ አንድ ሰው እንኳ አይሞላም። 10 እንዲሞላለት 5,000 ሰው ማየት አለበት። ለ1 በመቶ 1,000 ይበቃል። 384 ሰው ፈተናውን የሚያልፈው ድርሻው ከ2.6 በመቶ ገደማ ሲጀምር ነው።

«ታዲያ ፎርሙላው ውስጥ 0.5 በማስገባት ፈንታ 0.01 ባስገባ ይስተካከል ነበር?» አለችኝ። ሞከርነው። የአምስት ነጥቡን ስፋት ሳትነካ 0.01 ስታስገባ ፎርሙላው 15.2 አወጣ፤ ማለትም 16 ሰው። 16 ሰው አይተሽ በመቶ አንድ የሚገኝ በሽታ ለኪ ይላታል። ሁለታችንም ሳቅን፤ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር በፕሮፖዛል ላይ በቁም ነገር ተጽፎ አይቻለሁ። ፎርሙላው ራሱ 1.96ን በሆዱ ይዟል። ደወሉ ይሠራል ብሎ ተነስቶ ነው የሚያሰላው፤ ስለዚህ ደወሉ መሥራት አለመሥራቱን ከእሱ መጠየቅ ምስክርን በገዛ ጉዳዩ ዳኛ ማድረግ ነው። መጀመሪያ ስፋቱን ለብርቅ ነገር የሚመጥን፣ ለምሳሌ ግማሽ ነጥብ፣ ማድረግ ያስፈልጋል። ያኔ 1,521 ሰው ይመጣል፤ ከዚያ 15 ታማሚ ይጠበቃል፤ ፈተናውም ያልፋል።

ማይነሷ ብትታይ ኖሮ ብቻ ነው ወይ ጉዳቱ? አይደለም፤ እንዲያውም ማይነሷ ደግ ናት፣ ስህተቱን ታሳብቃለች። ብዙ ሰው ማይነሱን በዜሮ ይተካውና ይቀጥላል። ወደ መቶዎቹ ተማሪዎች እንመለስና ምን እንደተፈጠረ እንይ። እያንዳንዳቸው በዚያው ፎርሙላ ክልላቸውን አወጡ። ዜሮ ታማሚ ያገኙት ሁለቱ፣ ክልላቸው ከ0 እስከ 0 ሆነ፤ በወረዳው በሽታው ፈጽሞ የለም፣ ጥርጥርም የለበትም አሉ ማለት ነው። አንድ ታማሚ ያገኙት ስምንቱ የክልላቸው ጣሪያ 0.77 በመቶ ላይ ቆመ፤ እውነቱ 1 በመቶ ነውና ሳቱት። በላይኛው በኩል አሥርና ከዚያ በላይ ታማሚ የሚያገኝ ተማሪ ቢገኝ እሱም ይስታል፤ እንዲህ ያለው ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ሲደመር 11 ያህሉ ሳቱ። የተባለው ግን አምስት ብቻ ይስታሉ ነበር። «95 በመቶ» የተባለው መተማመን በእርግጥ 89 በመቶ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የሚስቱበት አቅጣጫ ነው። ከ11ዱ አሥሩ የሳቱት ወደ ታች ነው፤ በሽታው ካለው ያነሰ ነው ብለው። ወረዳው ምን ያህል የዓይን ቀዶ ሕክምና ማዘጋጀት እንዳለበት የሚወስነው በእነዚህ ቁጥሮች ከሆነ፣ ስህተቱ ሁልጊዜ የሚያጎድለው በአንድ በኩል ነው።

ታዲያ 10 ካለፍን አለቀ? ይህንንም እንዳልደብቅ። በ2001 ብራውን፣ ካይ እና ዳስጉፕታ የተባሉ ሦስት ስታቲስቲሺያኖች ይህንኑ ፎርሙላ በኮምፒውተር ቁጥር በቁጥር ፈትነው ያሳተሙት ውጤት የመስኩን ሰዎች አስደንግጧል። ድርሻው 0.5 በመቶ ሆኖ ናሙናው 591 ሲሆን መተማመኑ 94.5 በመቶ ነው፤ ጥሩ ነው። አንድ ሰው ጨምረህ 592 ስታደርገው ወደ 79 በመቶ ይወርዳል። አንድ ሰው! ናሙናው እየጨመረ ሲሄድ መተማመኑ ቀስ ብሎ አይወጣም፤ ይወጣል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይወጣል። 1,876 ሰው ላይ እንኳ፣ የሚጠበቀው ታማሚ ከ9 አልፎ ወደ 10 ሲጠጋ፣ 90 በመቶ አካባቢ ነው። ምክንያቱ የሰው ቁጥር ሙሉ መሆኑ ነው፤ ሦስት ታማሚ ወይም አራት ታማሚ እንጂ ሦስት ተኩል የለም፣ ደወሉ ግን ያለማቋረጥ የሚፈስ መስመር ነው። ስለዚህ 10 ማለት ከዚህ በታች አትግባ የሚል አጥር ነው እንጂ ከዚህ በላይ ሁሉ ሰላም ነው የሚል ደረሰኝ አይደለም።

ተማሪዬ ወደ ወረዳው ተመልሳ ሌላ ስድስት መቶ ሰው እንድታይ ጊዜውም ገንዘቡም አልነበረም። እንዲያም ሆኖ መረጃዋ የሚጣል አልነበረም፤ መጣል የነበረበት ደወሉ ነው። በእጅ የሚሠራው ቀላሉ መንገድ አላን አግረስቲና ብሬንት ኩል በ1998 ያስፋፉት ነው፤ አራት ምናባዊ ሰዎች ትጨምራለህ፣ ሁለት ታማሚ ሁለት ጤነኛ። 3 ከ384 የነበረው 5 ከ388 ይሆናል፤ ከዚያ በዚያው በአሮጌው ፎርሙላ ታሰላለህ። ከ0.17 እስከ 2.4 በመቶ ወጣላት። ማጭበርበር ይመስላል፤ ግን አራቱ ሰዎች መሐሉን ከግድግዳው ትንሽ ገፋ ያደርጉታል፣ ያ ብቻ መተማመኑን ወደ 95 ይመልሰዋል። ሌላው መንገድ ደወሉን ጨርሶ ትቶ ዕድሉን አንድ በአንድ መቁጠር ነው። ደ ሟቭር ይህን የሸሸው ኮምፒውተር ስላልነበረው ነው፤ እኛ ምን ምክንያት አለን? በ`R` አንድ መስመር ናት፦

```
binom.test(3, 384)
```

ከ0.16 እስከ 2.3 በመቶ የሚል መልስ ትሰጣለች። ማይነስ የለም። ጣሪያው ግን ከ1.7 ወደ 2.3 ወጥቷል፤ የጤና ቢሮ ሰው ማየት ያለበት ይህን ልዩነት ነው።

አንድም ታማሚ ባታገኝ ኖሮ ደግሞ ኮምፒውተርም አያስፈልግም ነበር። 3ን ለናሙናው ማካፈል ነው፤ ሦስት ለ384 ሲካፈል 0.8 በመቶ ገደማ። «አላገኘንም፣ ግን እስከ 0.8 በመቶ ሊኖር ይችላል» ትላለህ። ከ0 እስከ 0 ከማለት ይሻላል።

ረቂቁን ልትወስድ ስትል ሁለት ነገር ጨመርኩላት። አንደኛው፣ 384ቱን ሰዎች ከመላው ወረዳ አንድ በአንድ በዕጣ አላወጣችም፤ ጥቂት ጎጦች መርጣ በየጎጡ የተጠጋጉ ቤቶችን ነው ያየችው። ትራኮማ ደግሞ በአንድ ቤት፣ በአንድ ጎረቤት የሚተላለፍ በሽታ ነው። አንድ ቤት ሁለት ታማሚ ቢገኝ ሁለት የተለያየ ምስክርነት አይደለም። ይህ መጨፍለቅ ዲዛይን ኢፌክት ይባላል፤ እሱ 2 ከሆነ 384 ሰው የ192 ሰው ያህል ብቻ ይመዝናል። `binom.test` ይህን አያውቅም፤ እንዳልነገርከው ዝም ይላል፣ ክልሉም ካለበት በላይ ጠባብ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ሦስቱን ታማሚዎች በፆታ፣ በዕድሜና በትምህርት ደረጃ የከፋፈለችበት ትልቅ ሠንጠረዥ ነበራት፤ በየሳጥኑ ዜሮና አንድ፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ በመቶኛ። አጥሩ ለጠቅላላው ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሳጥን ነው። ያን ገጽ አወጣችው። አምስት ቀን የፈጀባት ገጽ እንደነበር የነገረችኝ በኋላ ነው።

ዲፌንሷ ቀን ከፈታኞቹ አንዱ ሠንጠረዡን ተመልክተው፣ «ይህ ክልል ተንሻፏል፤ 0.8 መሐሉ ላይ አይደለም፣ በግራ በኩል አጭር በቀኝ በኩል ረጅም ነው፣ ተሳስተሻል መሰለኝ» አሏት።

«በግራ በኩል ዜሮ አለ፣ ፕሮፌሰር» አለቻቸው። «ከዚያ ወዲያ ሰው የለም።»